ከአንድ የቡና ቅርንጫፍ ፎቶ መጋጠሚያው የማይታይ ፓተርን መሥራት

ይህ መመሪያ ለክብ የቡና ጣሳ ዙሪያውን የሚለጠፍ ሌብል የሚሆን የጀርባ ፓተርን፣ ቀይ እሸት ካፈራ የቡና ቅርንጫፍ ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ጣሳን የመረጥነው ስህተትን ስለማይደብቅ ነው። በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ፓተርኑ የትም ቢቆረጥ ማንም አያስተውልም። ጣሳ ላይ ግን የሌብሉ መጨረሻ ዞሮ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል፤ ሥዕሉ ካልገጠመ በመደርደሪያ ላይ ቁልቁል የተሰነጠቀ መስመር ሆኖ ይታያል። ለጣሳ የሚገጥም ፓተርን መሥራት የቻለ ሰው ለግድግዳ ወረቀትም ይችላል፤ እሱን መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

ሥራው በፎቶሾፕ ወይም በነፃ በሚገኘው ጂምፕ ይሠራል። የሚደጋገመውን አንድ ቁራጭ ከዚህ በኋላ ታይል እንለዋለን።

መጀመሪያ ጣሳው ይለካ

ብዙዎች ፓተርኑን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ነው ከማሸጊያው ጋር ለማስማማት የሚታገሉት። ያኔ መፍትሔው ታይሉን በመቶኛ ማሳነስ ወይም ማሳደግ ብቻ ይሆናል፣ መጋጠሚያው የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ልኬቱ ይቅደም።

ሌብሉ የሚታተምበትን ወረቀት ራሱን በቀጭኑ ቁረጡና በጣሳው ዙሪያ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፤ የተገናኘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ ለኩ። የጣሳውን ስፋት በ3.14 ከማባዛት ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም የወረቀቱ ውፍረትና የጣሳው ትክክለኛ ቅርጽ በልኩ ውስጥ ይገባሉ። የእኛ ጣሳ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል፤ ዙሪያው 314 ሚሊ ሜትር ወጣ።

አሁን ፓተርኑ በዙሪያው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም መወሰን ነው። ሥዕሉን እንደ ሴራሚክ ወለል ቀጥ ባለ ረድፍ ከደረደርነው ዓይን ወዲያው አግድምና ቁልቁል መስመሮችን ያነባል። ስለዚህ የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ሠሪዎች የቆየ ዘዴ እንጠቀማለን፦ እያንዳንዱ ዓምድ ከጎኑ ካለው ዓምድ በግማሽ ቁመት ዝቅ ይላል። ይህን ግማሽ ዝቅታ እንበለው።

ግማሽ ዝቅታ ጣሳ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የዓምዶቹ ቁጥር ሙሉ ብቻ ሳይሆን ተጋማሽ መሆን አለበት። ሦስት ዓምድ ብታደርጉ የመጨረሻው ዓምድ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ሁለቱም በእኩል ከፍታ ይቆማሉ፤ በዚያ ቦታ ብቻ ዝቅታው ይጠፋና ፓተርኑ የተዘለለ ይመስላል። እኛ አራት ዓምድ እንውሰድ፦ 314 ለ4 ሲካፈል 78.5 ሚሊ ሜትር።

በ300 ፒፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታተም፣ 78.5 ሚሊ ሜትር 927.17 ፒክስል ነው። ግማሽ ወይም ሩብ ፒክስል የሚባል ነገር የለም፤ ፕሮግራሙ ቁርጥራጩን ሲያገኝ ዳሩን ያደበዝዘዋል፣ ያ ደብዛዛ ዳር በየታይሉ ሲደጋገም ቀጭን የፀጉር መስመር ይሆናል። ስለዚህ ለሁለት ያለ ቀሪ ወደሚካፈል ቁጥር እናስጠጋው፦ 928። ግማሹ 464፣ ሙሉ ቁጥር ነው። ዓምዱን 928 በ928 ካሬ እናድርገው። ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግማሽ ዝቅታው አንድ ሙሉ ዙር ስለሚጨርስ፣ ታይላችን 1856 ፒክስል ስፋትና 928 ፒክስል ቁመት ይኖረዋል፤ ጣሳው ላይ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

በፎቶሾፕ 1856 በ928 የሆነ አዲስ ፋይል ክፈቱ። ከዚያ `Image > Image Size` ገብታችሁ `Resample` ላይ ያለውን ምልክት አጥፉና ስፋቱን 157 ሚሊ ሜትር ብላችሁ ጻፉ። ፒክስሎቹ አይነኩም፤ ጥራቱ ብቻ 300.27 ይሆናል። ማተሚያ ቤት ለዚህች ክፍልፋይ ግድ የለውም፣ ታይሉ ግን በትክክል ይገጥማል።

ቅርንጫፉን ማንሳት

ዋናው ቅርንጫፍ ሌብሉ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይኑረው። ያ 709 ፒክስል ብቻ ስለሆነ ደህና የስልክ ካሜራ ይበቃዋል፤ ዳሩን በንጽህና ለመቁረጥ ግን ፎቶው ላይ ቅርንጫፉ ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ 1400 ፒክስል ያህል ቢሆን ይመረጣል። በስልክ ስታነሱ አትቅረቡ፤ ራቅ ብላችሁ ባለ ሁለት እጥፍ ሌንሱን ተጠቀሙ። በቅርበት ያነሳ ሰፊ ሌንስ ለካሜራው የቀረበውን ፍሬ ያሳብጠዋል።

ግራጫ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጉ። ከሱ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ንጹሕ መስታወት በአራት ጡብ ላይ አስቀምጡና ቅርንጫፉን መስታወቱ ላይ አጋድሙት። እንዲህ ሲሆን ጥላው ርቆ ወረቀቱ ላይ ተበትኖ ይወድቃል እንጂ ቅጠሉ ሥር አይጣበቅም፣ መቁረጡም ይቀላል። ግራጫ ያልነው ነጭ ወረቀት በቅጠሉ ዳር ላይ ነጭ ብርሃን ስለሚመልስ ነው፤ ሌብሉ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ያ ነጭ ጠርዝ በኋላ ጎልቶ ይወጣል። ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ይመልከት።

የቡና ቅጠል ሰም የተቀባ ያህል ያንጸባርቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ ነጭ ነጠብጣብ ያደርግበታል፤ ነጠብጣቡ አንዴ ከተነሳ ቀለም ስለሌለው በማስተካከያ አይመለስም። ከአንድ ወገን በሚገባ የመስኮት ብርሃን ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ጋርዱ። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠወልግ ተራው እስኪደርስ እግሩን ውኃ ውስጥ አቆዩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፓተርን ውስጥ ቅርንጫፎች ወደተለያየ አቅጣጫ ማዘንበል አለባቸው፤ አንዱን ፎቶ በፕሮግራሙ ማዞር ግን ብርሃኑንም አብሮ ያዞረዋል። አንዱ ፍሬ ከላይ በግራ ሲያበራ ሌላው ከታች በቀኝ ያበራል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገርም ሥዕሉ የተለጣጠፈ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ የሚዞረው ቅርንጫፉ ራሱ ነው። መስኮቱና ካሜራው ባሉበት ይቆዩ፤ ቅርንጫፉን መስታወቱ ላይ በ45 ዲግሪ እያዞራችሁ ስምንት ፎቶ አንሱ። አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ሦስት አራት ነጠላ ቅጠልና ጥቂት የተለቀሙ ፍሬዎችንም በዚያው ብርሃን ጨምሩ። የካሜራው መጋለጥና የነጭ ሚዛን ቅንብር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቆልፎ ይቆይ፤ አውቶማቲክ ከሆነ የፍሬው ቀይ በየፎቶው ይለያያል። በኋላ በፕሮግራሙ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ማዞር አይታወቅም፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ሌላውን ፎቶ ውሰዱ።

መቁረጥ

በፔን ቱል ዙሪያውን ስትሄዱ መስመሩ ከቅጠሉ ዳር አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። መስመሩን ወደ ሴሌክሽን ስትቀይሩ ፌዘሩን 0.5 አድርጉት። ዜሮ ከሆነ ዳሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ ሁለት ሲሆን ደግሞ ቅጠሉ ጭጋግ ለብሶ ይወጣል። በፍሬዎቹ መካከል ያሉ ትንንሽ ክፍተቶችንም ቁረጡ፤ ግራጫው እዚያ ተደብቆ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ነው። የተቆረጠውን ከሌብሉ እውነተኛ የጀርባ ቀለም በላይ አድርጋችሁ በ200 በመቶ ተመልከቱት፣ ምክንያቱም ነጭ ላይ ንጹሕ የመሰለ ዳር ጥቁር ላይ ጠርዝ ሊያወጣ ይችላል። ጠርዝ ከቀረ `Layer > Matting > Defringe` በ1 ፒክስል ይጠርገዋል።

የተቆረጡትን ዋና ፎቶዎች በሌላ ፋይል አስቀምጡ። ታይሉ ላይ ቅጂያቸው ብቻ ይሥራ፤ ቅጂውም ወደሚፈለገው መጠን አንዴ ብቻ ይነስ። እያሳነሱና እያሳደጉ መሞከር ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ታይሉን መገንባት

ግማሽ ዝቅታ ውስብስብ ቢመስልም ሁሉም ነገር በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፦ ያስቀመጣችሁትን እያንዳንዱን ነገር ቅዱና ቅጂውን 928 ወደ ቀኝ፣ 464 ወደ ታች ግፉት። ከታይሉ ዳር የሚያልፈው ክፍል በሌላው ዳር ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

1. ዋናውን ቅርንጫፍ ባዶ ሌየር ላይ አስቀምጡ። ከአራቱም ዳር አንዱንም አይንካ፤ የሌየሩ ምንም ክፍል ከታይሉ ውጭ አይቅር። ስማርት ኦብጀክት ከሆነ `Layer > Rasterize` በሚለው ወደ ተራ ሌየር ቀይሩት።

2. ሌየሩን ቅዱ። ቅጂው ላይ `Filter > Other > Offset` ክፈቱ፤ `Horizontal` 928፣ `Vertical` 464፣ ከታች `Wrap Around` ይመረጥ። ቅጂው ከታች ቢያልፍ ከላይ ይገባል። በጂምፕ መጀመሪያ `Layer > Layer to Image Size`፣ ከዚያ `Layer > Transform > Offset` ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ አይዘለል፤ ጂምፕ የሚያዞረው በሌየሩ ወሰን ውስጥ ስለሆነ ሌየሩ ከታይሉ ካነሰ ቅርንጫፉ ተቆርጦ የተሳሳተ ቦታ ይወድቃል።

3. ትልቁን ክፍት ቦታ ፈልጉ። ክፍተቱ መሐል ላይ ከሆነ ትንሹን ቅርንጫፍ አዲስ ሌየር ላይ አድርጉና ያንኑ 928 እና 464 ድገሙበት። ዳር ላይ ከሆነ ግን እዚያ ምንም አታስቀምጡ። ያሉትን ሌየሮች በሙሉ በእኩል መጠን፣ ለምሳሌ በ400 እና በ200፣ በዚያው `Offset` አዙሩ፤ ክፍተቱ ወደ መሐል ይመጣል። ሁሉም አብረው ስለዞሩ የገጠመው ነገር አይፈርስም።

4. ነጠላ ቅጠሎችንና ፍሬዎችን በዚሁ መንገድ ጨምሩ። በየዓምዱ አንድ ትልቅ 60 ሚሊ ሜትር፣ አንድ መካከለኛ 38 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከ10 እስከ 18 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት አራት ትንንሾች ይበቃሉ። ሁሉም እኩል መጠን ሲሆኑ ፓተርኑ ነጠብጣብ ይሆናል።

አንድ ቅጠል በሌላው ላይ መደረብ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር በራሱ ቅጂ ላይ አይደረብ። ዋናው በቅጂው ላይ ሲወጣ በቀጣዩ ዓምድ ላይ ቅጂው ከሥር ሆኖ ይታያል፤ መደራረቡ በየዓምዱ ይገለባበጣል። የሌየሮቹም ተራ ዋና፣ ቅጂ፣ ቀጣዩ ዋና፣ ቀጣዩ ቅጂ እንዲሆን ጠብቁ።

ጥላ ከፈለጋችሁ ከመገፋቱ በፊት፣ ነገሩ ገና መሐል ላይ ሳለ ሥሩበትና ከሌየሩ ጋር አዋህዱት። በሌየር ስታይል የተሰጠ ጥላ ዳር ላይ የተቆረጠ ቅጠል ሲያገኝ ከታይሉ ማዶ ያለውን የቅጠሉን ግማሽ አያውቅም፤ ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ ጥላው ይሳሳል። ማደብዘዝ፣ ምስሉን ጥርት ማድረግና ታይሉን ማሳነስም በዚሁ ምክንያት በየመጋጠሚያው ምልክት ይተዋሉ። የግድ ሲያስፈልጉ ታይሉን ሦስት በሦስት ደርድሩ፣ ሥራውን በሙሉው ላይ ሥሩ፣ መሐለኛውን ቁረጡና አውጡ። ኢሜጅማጂክ የሚባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ላለው ሰው ይህ አንድ መስመር ነው፦

```
magick -size 5568x2784 tile:tile.png -unsharp 0x0.8 -crop 1856x928+1856+928 +repage tile-sharp.png
```

መፈተሽ

የመጀመሪያው ፈተና በዓይን ሳይሆን በቁጥር ነው። ግማሽ ዝቅታው ትክክል ከሆነ ታይሉን በሙሉ በ928 እና በ464 ስታዞሩት ያው ታይል ተመልሶ መውጣት አለበት። ጀርባውን ወጥ ቀለም አድርጋችሁ ታይሉን በፒኤንጂ አስቀምጡና እንዲህ አወዳድሩ፦

```
magick tile.png -roll +928+464 rolled.png
magick compare -metric AE tile.png rolled.png null:
```

የሚወጣው የተለያዩ ፒክስሎች ቁጥር ነው፤ 0 ከሆነ ገጥሟል። ጥቂት መቶዎች ከሆኑ አንዱ ነገር በራሱ ቅጂ ላይ ተደርቧል፤ ብዙ ሺህ ከሆኑ አንዱን ነገር ሳትገፉት ረስታችሁታል። ፎቶሾፕ ውስጥ ለማየት ሌየሮቹን ያዋሃደ ቅጂ በራሱ ላይ 928 እና 464 አዙራችሁ የሌየሩን አሠራር `Difference` አድርጉት፤ ሙሉ ጥቁር መሆን አለበት። በጄፔግ የተቀመጠ ታይል ይህን ፈተና ላያልፍ ይችላል፤ ጄፔግ ዳርና ዳሩን ለየብቻ ስለሚጨምቅ ከመጀመሪያውም ለታይል አይሆንም።

ሁለተኛው ፈተና የዓይን ነው፣ ጊዜ የሚወስደውም እሱ ነው። ታይሉን `Edit > Define Pattern` ብላችሁ መዝግቡና አራት በስምንት ያህል ጊዜ የሚደጋገምበት ትልቅ ገጽ ሙሉ። ከዚያ ቅጠል ከቅጠል እስከማይለይ ድረስ አሳንሱት ወይም በ30 ፒክስል አደብዝዙት። የሚቀረው የቀለሙ ክብደት ብቻ ነው፤ ጉድለቱ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው።

ግማሽ ዝቅታ የራሱ በሽታ አለው፤ አግድም መስመርን ሲያጠፋ ሰያፍ መስመር ይፈጥራል። ሁሉም ግንዶች ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ሌብሉ ላይ ዝናብ የሚወርድ ይመስላል። መድኃኒቱ መካከለኛውን ቅርንጫፍ ሰያፉን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው፤ ስምንቱ ፎቶዎች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። በእኩል ርቀት የሚደጋገም ቀይ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ አንዱ የፍሬ ዘለላ ከሌሎቹ በጣም ደምቋል ማለት ነው። የዘለላውን ድምቀት ትንሽ ቀንሱ፣ ወይም ተቀራራቢ ድምቀት ያለው ሌላ ዘለላ በሁለቱ ነጥቦች መካከል፣ ከትክክለኛው መሐል ፈንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ። የጀርባው ቀለም የተጠራቀመበት ባዶ ቦታ ካለ ነጠላ ቅጠል ይዘጋዋል። ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ የቁጥሩ ፈተና ይደገም።

ስክሪኑን በ33 ወይም በ67 በመቶ እያያችሁ ቀጭን መስመር ብታገኙ አትደንግጡ፤ ፕሮግራሙ ምስሉን ለማሳያ ሲያሳንስ የሚፈጥረው ሊሆን ይችላል። በ100 በመቶ ካልታየ የለም።

ለማተሚያ ማዘጋጀት

የሌብሉ ቁመት 115 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በስፋቱ ላይ 314 ሚሊ ሜትር፣ ለሙጫ መደራረቢያ 8 ሚሊ ሜትር፣ በየዳሩ ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመር ገጹ 328 በ121 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በታይሉ ጥራት ሲሰላ 3878 በ1430 ፒክስል ነው። የገጹን ጥራት 300.27 አድርጉና በ`Layer > New Fill Layer > Pattern` ሙሉት፤ `Scale` 100 ላይ ይቆይ። ፓተርኑ መደራረቢያውንም አልፎ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ከላይ የሚለጠፈው 8 ሚሊ ሜትር ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ሥዕል ይሆናል፤ ለጣፊው አንድ ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ ጎልቶ አይታይም።

የእሸት ቡና ቀይ በስክሪን ላይ የሚያበራውን ያህል በአራት ቀለም ኅትመት አይወጣም። ከማተሚያ ቤቱ የወረቀቱን የቀለም ፕሮፋይል ጠይቁና የተሞላውን ገጽ ቅጂ በሱ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይሩ፤ ዋናው ታይል በአርጂቢ ይቀመጥ። ቡናማ ክራፍት ወረቀት ከሆነ ነጭ ቀለም ከሥር ካልታተመ ቀዩ ወደ ጡብ፣ አረንጓዴው ወደ ጭቃ ይሄዳል። ለማተሚያ የሚላከው ፓተርኑ ተዋህዶ አንድ ምስል የሆነበት ገጽ ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ ተለያይተው የቀሩ ታይሎች በአንዳንድ ማሽን ላይ በመካከላቸው ቀጭን ነጭ መስመር ያመጣሉ። ሙሉው ሥራ ከመታተሙ በፊት አንዱን ሌብል በቢሮ ፕሪንተር በልኩ አትማችሁ ጣሳው ላይ ጠቅልሉ። ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር እንዲያስማማ የሚያደርገው ምርጫ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ልኩን ሳያሳውቅ ያሳንሰዋል።

ለግድግዳ ወረቀት ሲሆን

ሒሳቡ ያው ነው፤ ጣሳውን የሚተካው የጥቅሉ ስፋት ነው። በአውሮፓ የተለመደው ጥቅል 53 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10.05 ሜትር ርዝመት አለው። ግድግዳ ከሩቅ ስለሚታይ 150 ፒፒአይ ይበቃል፤ 53 ሴንቲ ሜትር 3130 ፒክስል ይወጣል። ይህ ለአራት ሲካፈል ቀሪ ስላለው 3132 እንውሰድ፤ ዓምዱ 1566፣ ዝቅታው 783።

እዚህ የምትወስኑት ነገር የለጣፊውን ሥራ ይነካል። በጥቅሉ ስፋት ሁለት ዓምድ ከገባ ግማሽ ዝቅታው በጥቅሉ ውስጥ ያልቃል፤ አንዱ ቁራጭ ከጎኑ ካለው ጋር በእኩል ከፍታ ይገጥማል። አንድ ትልቅ ዓምድ ብቻ ከገባ ግን ቀጣዩ ቁራጭ በግማሽ ድግግሞሽ ዝቅ ብሎ መለጠፍ አለበት። የድግግሞሹ ቁመት 53 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለማስተካከል በየቁራጩ እስከ 26.5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ወረቀት ሊባክን ይችላል። ትልቁ ዓምድ ለሰፊ ሳሎን ያምራል፤ ከመረጣችሁት ግን ጥቅሉ መለያ ላይ የድግግሞሹ ቁመትና የዝቅታው ልክ፣ 53 እና 26.5 ተብሎ፣ አብሮ ይታተም፤ ለጣፊው ስንት ጥቅል እንደሚገዛ የሚያሰላው በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።